ከሳሎን እስከ ሰርቪስ፦ መስመሩ ያረጀ ቤት ውስጥ ፓወርላይን ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ራውተሩ ሳሎን ነው፤ የኔ ክፍል ግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ነው። መሀላቸው 25 ሜትር ቢሆን ነው። ፒኤስ 4 አለኝ፤ ዋይፋዩ እዚያ ድረስ በደንብ ስለማይደርስ ኳስ ስጫወት መሀል ላይ ላግ አድርጎ ያስወጣኛል። ኢንተርኔታችን 10 ሜጋ ነው። አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ኢንተርኔት በመብራት ሽቦ የሚያስተላልፍ 600 የሚል ዕቃ አየሁ። ከአዲስ አበባ ደግሞ 1000 የሚለውን ማስመጣት እችላለሁ። ቤቱ የአያቴ ነው፤ የጭቃ ቤት ነው፤ የመብራት መስመሩም የድሮ ነው። የትኛውን ልግዛ ይላሉ?»

ሁለቱንም አትግዛ። ቢያንስ ሳትሞክር አትግዛ። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፓወርላይን የሚባለው ይህ ዕቃ ጥንድ ነው፤ አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ክፍልህ ውስጥ ይሰካል። ደህና መስመር ባለው ቤት ውስጥ ስራውን በሚገባ ይሰራል። ችግሩ፣ ውጤቱን የሚወስነው ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሽቦ መሆኑ ነው። አንተ ስለ ሽቦው የነገርከኝ ደግሞ አያበረታታም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርሰው። 600 የሚለው ዕቃ 600 ሜጋ አይሰጥህም። ቁጥሩ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አጭርና ንጹህ ሽቦ ላይ፣ መላክና መቀበሉ ተደምሮ የተገኘ ጥሬ ፍጥነት ነው። ከዚያ ላይ ስህተት ለማረምና ሁለቱ ዕቃዎች እርስ በርስ ለመነጋገር የሚሄደው ብዙ ነው። እንዲያውም 600 ከሚሉት ብዙዎቹ የኔትወርክ ቀዳዳቸው ራሱ 100 ሜጋ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ዕቃውን አገላብጠህ እየው፤ 10/100 ካለ በዚያ ቀዳዳ ከ100 በላይ አይወጣም።

ለአንተ ግን ይህ ሁሉ ለውጥ የለውም። ከውጭ የሚገባልህ 10 ሜጋ ነው። ጌም በኦንላይን መጫወት የሚፈልገው ፍጥነት ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው፤ አብዛኛው ጌም 1 ሜጋ እንኳ አይሞላም። ፍጥነት የሚያስፈልግህ ጌም ስታወርድ ነው። 50 ጊጋ የሆነ ጌም በ10 ሜጋ መስመር 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መሀል ላይ የፈለግኸውን ዕቃ ብትሰካ ይህ አይቀንስም። ለጨዋታ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ትንሽ መልእክት በሰዓቱ መድረሱ ነው። አንዱ በ5 ሚሊሰከንድ፣ ቀጣዩ በ200 ከደረሰ ተጫዋቹ ይዘላል፣ ኳሱ ይጠፋል። ስለዚህ ልትጠይቀው የሚገባው «ስንት ሜጋ ያሳልፋል?» ሳይሆን «ሳይዋዥቅ ያሳልፋል ወይ?» የሚለው ነው። አሮጌ መስመር የሚያበላሸውም በትክክል ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርህ። ጌሙ የሚገናኘው ሰርቨር ያለው ባህር ማዶ ነው። እዚያ ድረስ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ፓወርላይንም ሆነ ሌላ የቤት ውስጥ ዕቃ አያሳጥረውም። ማስተካከል የምንችለው ከራውተሩ እስከ ፒኤስህ ያለችውን 25 ሜትር ብቻ ነው።

አሰራሩን ባጭሩ። የመብራት ሽቦህ ላይ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ እየሄደ ነው። ፓወርላይኑ እዚያው ሽቦ ላይ ከ2 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ ደካማ ሲግናል ይጨምርበታል። ሁለቱ ስለማይቀራረቡ አይጋጩም። ነገር ግን ሽቦው የተዘረጋው አምፖል ለማብራት እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠር ንዝረት ለመሸከም አይደለም። ለአምፖል ምንም የማይል መገጣጠሚያ ለዚህ ሲግናል ግድግዳ ይሆንበታል። «መብራቱ በደንብ ይሰራል፣ ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው» የሚለው ሀሳብ እዚህ ጋ አይሰራም።

1000 የሚለው ዕቃ የሚለይበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እስከ 86 ሜጋኸርዝ አካባቢ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ከፍ ያለው ሞገድ ግን ረጅምና ብዙ ቅጥያ ያለው ሽቦ ላይ ቶሎ ይሞታል። አንተ ክፍል ሲደርስ የሚተርፈው ያው የታችኛው፣ 600ውም የሚጠቀምበት ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ 1000 የሚሉትና ብዙዎቹ ከዚያ በላይ የሚሉት ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች፣ ከፌዝና ከኒውትራል፣ ሌላ ሶስተኛውን ሽቦ፣ ኧርዙን፣ እንደ ተጨማሪ መንገድ ይጠቀሙበታል። ኧርዝ ከሌለ ዕቃው መስራቱን አያቆምም፤ በአንዱ መንገድ ብቻ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር የከፈልክበት ብልጫ ቦርሳህ ውስጥ ይቀራል።

የአያትህ ቤት ኧርዝ አለው? በእድሜ የገፉ የጭቃ ቤቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው የሚገባው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ሶኬቱ የኧርዝ ጥፍር ስላለው አትታለል። ሶኬቱ ሲቀየር ጥፍር ያለው ተገዝቶ ይገጠማል፤ ከጀርባው ግን ምንም የታሰረበት ሽቦ የለም። ይህን የሚያረጋግጠው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከቆጣሪው አጥፍቶ ሶኬቱን ፈቶ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ መኖሩንና ያ ሽቦ የት እንደሚደርስ ያያል። አንዳንድ ሰው «ኧርዝ ከሌለህ ጥፍሩን ከኒውትራሉ ጋር እሰረው፣ ይሰራልሃል» ይልሃል። በፍጹም እንዳታደርገው። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላይ የላላ ዕለት የፍሪጁና የምጣዱ የብረት አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ለኢንተርኔት ብሎ ይህን ያደረገ ሰው አያቱን በመብራት ሊያስገድል ነው።

ቀጥሎ የምታጣራው ሰርቪሱ መብራት የሚያገኘው ከየት እንደሆነ ነው። ከዋናው ቤት ቆጣሪ በኋላ የተቀጠለ መስመር ከሆነ ሲግናሉ የመድረስ እድል አለው። ሰርቪሱ አንድ ጊዜ ተከራይቶ የራሱ ቆጣሪ ከገባለት ግን ሲግናሉ ከሳሎን ወጥቶ በአንዱ ቆጣሪ አልፎ፣ በውጭው መስመር ዞሮ፣ በሌላው ቆጣሪ መግባት አለበት። ሁለቱ ቆጣሪዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ከሆኑ አንዳንዴ ሾልኮ ያልፋል፤ ተራርቀው ከሆነ ግን ተስፋ አታድርግ። ግቢው ሶስት ፌዝ ገብቶለት ሳሎኑና ሰርቪሱ በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑም ነገሩ ያው ነው። በተለያዩ ፌዞች መካከል የሚያልፈው ሽቦዎቹ ተጠጋግተው በሄዱበት ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈስ ትራፊ ሲግናል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቅጥያዎቹ እንግባ። አሮጌ ቤት በአንድ ቀን አይዘረጋም። መጀመሪያ ለሳሎን አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት ይገባል። ከዓመታት በኋላ ማዕድ ቤቱ ይቀጠላል። ሰርቪሱ ሲሰራ ደግሞ ከማዕድ ቤቱ ላይ ይቀጠላል። እያንዳንዱ ቅጥያ ኮርኒስ ላይ ሽቦው ተልጦ፣ በፒንሳ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይተዋል። ሲግናሉ እያንዳንዱ መገንጠያ ላይ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ቅርንጫፉ ይገባል፤ ቅርንጫፉ መጨረሻ ላይ ምንም ካልተሰካ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ከዋናው ጋር ይጋጫል። አንድ ሁለት መገንጠያ ችግር የለውም፤ ዕቃው የተበላሹትን ሞገዶች ትቶ በቀሩት ይሄዳል። ሲበዙ ግን የሚቀረው እያነሰ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው የላላው ቅጥያ ነው። በፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ያየሁትን ልንገርህ፤ አቀማመጡ ካንተ ጋር ይመሳሰላል። ልጁ 600 የሚል ጥንድ ገዝቷል። ጠዋት ይሰራል፣ ማታ ይሰራል፣ በየሁለት በየሶስት ቀኑ ግን ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይሞታል። ዕቃው ይሞቃል ብለው በማራገቢያ ሊያቀዘቅዙት ሁሉ ሞክረዋል። ሁለቱን ዕቃዎች ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሶኬቶች ላይ ስንሰካ የዕቃው ፕሮግራም ከ300 በላይ ያሳያል። ስለዚህ ዕቃው ጤነኛ ነው። አንዱን እዚያው ትተን ሌላውን መኝታ ቤት ወሰድነው፤ 250 ገደማ። ማዕድ ቤት ስንሰካው ወደ 60 ወረደ። ሰርቪስ ሲደርስ 20 አካባቢ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ መንገዱን ይጠቁማል። ከሳሎን መኝታ ቤት ያለው ርቀት ከመኝታ ቤት ማዕድ ቤት ካለው አይተናነስም። ግን መጀመሪያው ላይ 50 ብቻ ጠፋ፣ ሁለተኛው ላይ ወደ 200። ስለዚህ ችግሩ በመኝታ ቤቱና በማዕድ ቤቱ መካከል ያለ የሆነ ነገር ነው እንጂ ርቀት አይደለም። ያ ከሰዓት በኋላ የሚሞትበት ሰዓት ደግሞ እናቱ እንጀራ የሚጋግሩበት ሰዓት ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ አጥፍቶ ኮርኒሱን ገለጥ ሲያደርግ ቅጥያው ፊት ለፊት ታየ። ሶስት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ ታስሯል፤ ከሶስቱ አንዱ አልሙኒየም ነው። ናስትሮው ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል፤ ሲላጥ መዳቡ ጠቁሯል፤ ከስሩ ያለው እንጨትም የሲጋራ ጫፍ ያህል ቦታ ላይ ተለብልቧል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ያሳልፋል። ያ ሁሉ ኃይል በዚያች በላላች ቅጥያ ሲያልፍ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታ ማለት ለፓወርላይን በሁሉም ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ጩኸት ነው። ምጣዱ ራሱ ንጹህ ዕቃ ነው፤ ሽቦ ማሞቅ እንጂ ሌላ ስራ የለውም። የሚጮኸው ቅጥያው ነበር።

የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ተጣለ፤ አልሙኒየሙ በመዳብ ተቀየረ፤ ቅጥያው በሳጥን ውስጥ ብሎን ባለው ማሰሪያ ተጠብቆ ታሰረ። ምጣዱም ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም መስመር ተዘረጋለት። ከዚያ በኋላ ማዕድ ቤቱ 150፣ ሰርቪሱ 70 አካባቢ ሆነ፤ እንጀራ ሲጋገርም አልተነቃነቀም። ኧርዝ አሁንም የለውም። ለጌም ግን 70 ከበቂ በላይ ነው። ዕቃው ያው 600ው ነው፤ የተቀየረው መስመሩ ነው።

ያንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንዳለበት ለማወቅ ኮርኒስ መውጣት አያስፈልግህም። ምጣድ ሲሰካ ሌላ ክፍል ያለው አምፖል ይደበዝዛል? የሆነ ሶኬት ላይ እጅህን ስታስጠጋ ይሞቃል ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል? ባልቦላው ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል? ከሶስቱ አንዱ ካለ የጌሙን ነገር ለጊዜው ተወውና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። እንጨትና ጭድ ባለበት ቤት ይህ የኢንተርኔት ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው።

ሌላው የአሮጌ መስመር ጠባይ ፌዙና ኒውትራሉ ተራርቀው መዘርጋታቸው ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጣብቀው ሲሄዱ ሲግናሉ በመካከላቸው ታስሮ ይጓዛል። አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ ሌላው በዚያ ማዶ ሲሄድ ግን ሽቦው አንቴና ይሆናል። ሲግናሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ የውጩም ጩኸት ይገባል። አያትህ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚሰሙ ከሆነ ይህን ቀድመው የሚነግሩህ እሳቸው ናቸው። አጭር ሞገድ ፓወርላይኑ የሚጠቀምበት ክልል ውስጥ ነው ያለው። ዕቃውን በሰካህ ቁጥር ሬዲዮው ከጮኸባቸው ሲግናልህ በየግቢው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ጩኸት የሚያመጡ ዕቃዎችም አሉ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ። ሰርቪስህ ድረስ የሚደርሰው ሲግናል ቀድሞውኑ የደከመ ስለሆነ እዚያው አጠገቡ የተሰካ ቻርጀር ይበልጠዋል። የቀበሌው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠላ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ቁምነገር እንደማውራት ነው። ደግነቱ ይህ በቀላሉ ይገኛል፤ አንድ በአንድ እየነቀልክ ታያለህ።

ስታቢላይዘር፣ ዩፒኤስና ዲቫይደር ላይ ግን አትሰካው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሲግናሉን ያፍኑታል፤ መከላከያ ያለው ዲቫይደርም እንዲሁ። ፓወርላይኑ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የሚሰካው። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዕቃውን የሚጠብቀው ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም ንቀል፤ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቅ። ራውተሩንና ፒኤሱን ስታቢላይዘር ላይ ማድረግ ትችላለህ።

የሚያውስህ ሰው ወይም «ካልሰራ መልስ» የሚልህ ባለሱቅ ካገኘህ ሙከራው አንድ ምሽት ነው የሚፈጀው። ላፕቶፕ ተዋስ። ዋይፋዩን አጥፋ፤ ከፓወርላይኑ በኔትወርክ ገመድ አገናኘው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለው፤ በባትሪ ይስራ፤ ካልሆነ ራሱ ቻርጀሩ ውጤቱን ያበላሽብሃል። ከዚያ ወደ ራውተሩ ፒንግ፣ ማለትም ደርሶ የሚመለስ ትንሽ የሙከራ መልእክት፣ ላክ። ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ቦታ አትላክ፤ የምንፈትነው የቤቱን ሽቦ ብቻ ነው። ከታች ያሉትን ትእዛዞች በዊንዶውስ `Command Prompt` ላይ ጻፍ። የራውተሩን አድራሻ በመጀመሪያው ትእዛዝ `Default Gateway` የሚል መስመር ላይ ታገኘዋለህ፤ ብዙ ጊዜ ከታች እንደጻፍኩት ነው።

```
ipconfig
ping -n 300 192.168.1.1
```

ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ መሀል ያለ ክፍል፣ በመጨረሻ ሰርቪስ ላይ አድርገው። ሰርቪስ ላይ ደግሞ ሁለቴ፤ አንዴ ምጣዱ ጠፍቶ፣ አንዴ ምጣዱ ግሎ። ውጤቱ ላይ `Average` የሚለውን ብቻ አይተህ ደስ አይበልህ። ፓወርላይን የጠፋበትን መልእክት ራሱ ደጋግሞ ስለሚልክ ብልሽቱ እንደ ጠፋ መልእክት ሳይሆን እንደ ዘገየ መልእክት ነው የሚታየው። ስለዚህ የምታየው `Maximum` የሚለውን ነው። አማካዩ ከ10 በታች ሆኖ ከፍተኛው 30 እና 40 ላይ ከቆመ፣ `Lost` ደግሞ 0 ከሆነ ግዛው፤ ይሰራልሃል። አማካዩ 8 ሆኖ በየመሀሉ 150፣ 300 የሚል ከዘለለ ግን ፊልም ታይበታለህ፤ ጌም አትጫወትበትም። ምጣዱ ሲግል ብቻ የሚዘል ከሆነ የፍኖተ ሰላሙ ዓይነት ቅጥያ አለ ማለት ነው።

ከገዛህ ጥንዱን ከአንድ ካርቶን ግዛ፤ የተለያየ ስርዓት የሚጠቀሙ ዓይነቶች አይግባቡም። `Pair` የሚለውንም ቁልፍ በሁለቱም ላይ ተጫን። ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በአንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ነው፤ በዚያው ውጭ መስመር ላይ ያለ ጎረቤት ያንኑ ዕቃ ከገዛ ሳታውቁት ልትገናኙ ትችላላችሁ።

አሁን ምን ላድርግ ካልከኝ መልሴ አንድ ነው፤ የኔትወርክ ኬብል ሳብ። ይህ ኬብል በአንድ ስብ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ላንተ 25 ሜትሩ ጣሪያና ግድግዳ ሲዞር 40 ቢሆን ነው። የመብራት ቅጥያ፣ ኧርዝ፣ ቆጣሪ፣ ምጣድ የሚባል ነገር አያገኘውም። ከላይ ያደረግኸውን ፒንግ በኬብል ብትደግመው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች፣ ቀጥ ያለ ውጤት ነው የምታየው። በአብዛኛው ወጪውም ከጥንዱ ዕቃ አይበልጥም።

ኬብሉን ስትገዛ ካት 5ኢ ወይም ካት 6፣ ሙሉ መዳብ በል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ብዙ አለ፤ ቀለል ይላል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርግ፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ መልስ። ከቤት ውጭ ስለሚያልፍ ጥቁር ልባስ ያለውን፣ ለውጭ የተሰራውን ምረጥ፤ የቤት ውስጡ ነጭ ኬብል በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገባው፤ ጎን ለጎን መሄድ ካለበት ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል አርቀው። ጫፉን የሚመታልህ ሰው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠቀም፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።

«ዋይፋዩን ማጠናከሪያ ብገዛስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ዋይፋይን ይውጣል፤ በተለይ ክረምት እርጥበት ሲይዝ። የሰርቪሱ ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ሞዴል ፒኤስ 4 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ 5 ጊጋኸርዝ የመጣው በስሊሙና በፕሮው ነው። ማጠናከሪያው ራሱ የሚቀበለውና የሚልከው በዚያው አየር ላይ ከሆነ መዋዠቁን ይጨምርብሃል እንጂ አይቀንስልህም። ከኬብል ቀጥሎ የምመርጠው ለሰርቪሱ የሚሆን ጥሩ ፓወርላይን ነው፣ ግን መስመሩ ከታደሰ በኋላ። መስመር የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ኮርኒስ ላይ እያለ የኔትወርክ ኬብሉን በሌላ ቱቦ አብሮ ይጎትትልህ፤ ያኔ ፓወርላይን ለምን ይገዛል?

ፓወርላይን ያለማመንታት ግዛ የምለው ሰው ሌላ ነው። ባህር ዳር ወይም ቡሬ አዲስ ብሎኬት ቤት ተከራይቷል፤ መስመሩ ሶስት ሽቦ ነው፤ ቆጣሪው አንድ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ግድግዳ መብሳት አይፈቅድም። ለእሱ ኧርዙን የሚጠቀም ዓይነት 1000 ከ600ው ይሻለዋል።

ኬብሉን ከሳብክ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሁለት ቤት መካከል በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል የመብረቅ ኃይል ይሰበስባል፤ በቀጥታ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ ይሰበስባል። የጎጃም ክረምት መብረቁ ብዙ ነው። ከተቻለ ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ አድርገህ መሬት ውስጥ ቅበረው፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከራውተሩም ከፒኤሱም ጫፉን ንቀል። የመብራት ስፒናውን ብቻ ነቅለህ የኔትወርኩን ገመድ ከተውከው የራውተሩንና የፒኤሱን የኔትወርክ ቀዳዳ ሊያቃጥልብህ ይችላል።